የአኒሜሽን ክበብ፦ ሚሚ ከሾት ሾት እንዳትለወጥ

የአኒሜሽን ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ የ90 ሰከንድ ፊልም ነው። ሚሚ የምትባል የ8 ዓመት ልጅ ጠዋት ከአባቷ ጋር ሐዋሳ ወዳለው የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ትወርዳለች፤ አባቷ ቆሮሶ ዓሣ ሲሸጥ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እሷን ይከተላታል። ታሪኩን በ22 ሾት ከፋፈልነው። ሚሚን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በእርሳስ ሳለቻት፤ ከዚያ በኋላ ሾቶቹን ምስልና ቪዲዮ በሚያመነጩ መሣሪያዎች መሥራት ጀመርን። ከኅዳር እስከ ጥር የደከምነው ግን ለታሪኩ አልነበረም። ሚሚ በየሾቱ ሌላ ልጅ እየሆነች አስቸገረችን።

መጀመሪያ የተማመንነው መሣሪያው ላይ seed ተብሎ በሚታየው መነሻ ቁጥር ነበር። ቁጥሩን ከያዝን ልጅቷንም የያዝን መስሎን ነበር። ነገር ግን ያ ቁጥር ያንኑ ምስል የሚመልሰው ሌላው ሁሉ ሳይነካ ሲቀር ነው። «ቆማለች» የሚለውን «ተቀምጣለች» ብለን ስንቀይር ፊቷም አብሮ ተቀየረ።

ሁለተኛው ችግር የራሳችን ንድፍ ነበር። ሚሚ ስድስት ሹሩባና ጥለት ያለው ቀሚስ ነበራት። መሣሪያው ሹሩባ አይቆጥርም፤ አንዴ አምስት፣ አንዴ ስምንት ያደርገዋል፤ ጥለቱንም በየሾቱ አዲስ ይሸምናል። በትከሻዋ ያንጠለጠለችው ቦርሳ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘላል። ስለዚህ ሹሩባውን በቢጫ ሻሽ ሸፈንነው፣ ቀሚሱን በአንድ ቀለም ሰማያዊ ሹራብና ጉርድ ተካነው፣ ቦርሳውን አስቀረነው። ሚሚን የሳለቻት ተማሪ ስለ ሹሩባው ከልቧ አዝና ነበር፤ እኔም አዝኛለሁ።

ብዙ ያስተማረን ከሾት 5 እስከ 8 ያለው ክፍል ነው። ሚሚ የሐይቁን ዳር ይዛ ትሄዳለች። መሣሪያችን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 5 ሰከንድ ስለሆነ የአንዱን ሾት የመጨረሻ ፍሬም እየወሰድን ለቀጣዩ መነሻ አደረግነው። ሾት 5 ላይ ሚሚ ራሷ ነበረች። ሾት 8 ላይ ግን ታላቅ እህቷን መሰለች፤ ፊቷ ረዘመ፣ ሻሿ ወደ ብርቱካንማ ሄደ። ፎቶ ኮፒን መልሶ መላልሶ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ማለት ይኸው ነው። የመጨረሻው ፍሬም በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ነው፤ መሣሪያው የጠፋውን ዝርዝር በግምት ይሞላል፤ ቀጣዩ ሾት ደግሞ ያንን ግምት እንደ እውነተኛዋ ሚሚ ይቀበላል።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ገለበጥነው። ሚሚን ከፊት፣ ከሰያፍ፣ ከጎንና ከኋላ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ አዘጋጀን። እያንዳንዱ ሾት የሚጀምረው ካለፈው ሾት ሳይሆን ከሰሌዳው ነው፤ ከሰሌዳው ጋር ቃል ሳይለወጥ ያው መግለጫ ይገባል፤ መጀመሪያ የቆመ ምስል ይወጣል፤ ያ ምስል ካለፈ ብቻ ወደ ቪዲዮ ይሄዳል። ሚሚ ጀርባዋን የምትሰጥበትን ሾት ደግሞ ከመዞሯ በፊት መቁረጥ ለመድን። ጀርባ ሰጥታ ስትመለስ መሣሪያው ፊቷን ከራሱ ይፈጥራልና፣ ፊቷን በአዲስ ሾት ከሰሌዳው እንጀምረዋለን።

ምስሉ ማለፉን የምንወስነው በዓይን ግምት ብቻ አይደለም። የሁሉንም ሾቶች መነሻ ፍሬም በአንድ ገጽ በረድፍ ደርድረን እንደ ጉርድ ፎቶ እናሳንሳቸዋለን። ሲያንሱ ባዕዷ ልጅ ወዲያው ትለያለች፤ ትልቅ ሆና ብቻዋን ስትታይ ግን ዓይን ይለምዳታል። ቀጥሎ የሻሹን ቀለም እንለካለን፤ ሰሌዳው ላይ የቀለሙ ኮድ #F2B632 ሲሆን በዚያ በተበላሸው ሾት 8 ላይ #D98A2B ሆኖ ነበር። የምሽት ሾቶች ላይ ግን ብርሃኑ ራሱ ቀለሙን ስለሚቀይረው ይህ ልኬት አይሠራም። እዚያ የምንይዘው ቁመቷን ነው፦ ሚሚ በራሷ ጭንቅላት ስትለካ አራት ናት። አምስት ከሆነች አድጋለችና ምስሉ ይጣላል።

አባ ኮዳውን በዚህ መንገድ ማቆየት አልቻልንም። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ከረጢት ከጎን ሲታይ ይጠፋል፤ በራው ራሱ ላባ ያበቅላል፤ ወፉ ሌላ ወፍ ይሆናል። የሐዋሳ ልጅ ደግሞ አባ ኮዳን በየቀኑ ያየዋል፤ ስህተቱ አያመልጠውም። 19 ሾቶች አልቀዋል። ወፉ በቅርብ የሚታይባቸውን ሦስቱን ሾቶች የዘጠነኛ ክፍል አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ አሞራ ገደል እየወረዱ፣ ወፉን እያዩ፣ በእጃቸው እየሳሉ ነው።