ስለ መሣሪያው እንጠይቅ ወይስ በዝምታ እናስተካክል?

ለተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች የምንሠራው የዕቃ ዋጋ ገጽ ተጠቃሚውን ስለ መሣሪያው ይጠይቅ ወይስ በራሱ ይስተካከል በሚለው ላይ፣ የስክሪን ስፋት በ`@media` ስለሚፈታ መጠየቅ አያስፈልገውም እላለሁ።

አስቸጋሪው የምስሎቹ ክብደት ነው። ባለሱቁ ላፕቶፑን ከስልኩ ሆትስፖት ጋር ሲያገናኝ፣ ገጹ የሚያየው ሰፊ ስክሪን ብቻ ስለሆነ ትላልቅ ምስሎችን በዝምታ ይልካል፤ የሚያልቀው ግን የስልኩ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። `Save-Data: on` የሚለው ምልክት ቢደርሰን በረዳን ነበር፤ ሆኖም ተጠቃሚው ዳታ ቆጣቢውን ካላበራ አይመጣም፣ ሁሉም ብራውዘርም አይልከውም።

በሌላ በኩል፣ ገጹ ሳይታይ የሚቀድም ጥያቄ ሳይነበብ ይዘጋል (እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ)። ስለዚህ በትናንሽ ምስሎች ጀምረን «ምስሎቹን በጥራት አሳይ» የሚል ቁልፍ ከላይ እናኑር፤ ምርጫውም በ`localStorage` ይቀመጥ፣ ምንም እንኳ አንድ ስልክ ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ሱቅ የአንዱ ምርጫ ለሌላው የሚተርፍ ቢሆንም።