ስለ አዲሱ ቢሮ ኪራይ ድርድር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ደብረ ብርሃን የምንከራየው ቢሮ 90 ካሬ ነው። አከራዩ በካሬ 400 ብር፣ ማለትም በወር 36,000 ብር ጠይቀዋል። ዋጋውን አልተከራከርንም፤ የጠየቅነው ሌላ ነው።

ክፍሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ፓርቲሽን፣ መብራት መዘርጋትና ቀለም ሁለት ወር ይፈጃል። በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በዚያ ላይ ክረምት ከሆነ፣ ልስኑ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡ ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ይላጣል። ስለዚህ «ሁለቱን ወር ያለ ኪራይ ይስጡን፤ 72,000 ብሩን ለእድሳቱ እናውለዋለን፣ የሠራነውም ለሕንፃዎ ይቀራል» ብለን ጻፍንላቸው። አንድ ወር ፈቅደዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ቆጠራው የሚጀምርበት ቀን ነው። ውሉ «ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ» ካለ፣ ቆጣሪ እስኪገባ ስንጠብቅ ነፃው ወር ያልቃል። «መብራትና ውኃ ገብቶ ቁልፍ ከተረከብንበት ቀን ጀምሮ» እንዲባል ጠይቀናል። ይህ ከተጻፈ በአንድ ወር ተኩል ብንስማማ አይከፋኝም።

ለመኪና ማቆሚያ ሦስት ቦታ ጠይቀናል። ዘበኛው «ግቢው ሰፊ ነው፣ ችግር የለም» ብሎን ነበር፤ ግን ባንክ ታች ቢከራይ ማን ያስገባናል? ቦታዎቹ በቁጥር ተለይተው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሆናቸው ተገልጾ ውሉ ውስጥ ይግቡ ብለናል። ሁለት ቢሰጡን እንቀበል?

ሐሙስ ስለምንገናኝ እስከ ረቡዕ ማታ አሳውቁን።