ለአባቴ፦ ስለ 26ቱ ዓመታት

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት እራት ላይ የቤት ሠራተኛዎን ሊያገቡ መሆኑን ሲነግሩኝ ሰምቼ ዝም ማለቴ ሳያስቀይምዎት አልቀረም። ዝም ያልኩት እሷ ማድ ቤት ሆና ትሰማን ስለነበር ነው።

ያን ማታ አንድ ሒሳብ አሰሉልኝ። የምትገባው ሴት ዕድሜ ከወንዱ ዕድሜ ግማሽ ሲደመር 7 ካላነሰ ነውር የለም በሚለው ልማድ፣ የእርስዎ 66 ዓመት ለሁለት ሲካፈል 33፣ 7 ሲጨመርበት 40፤ እሷም 40 ዓመቷ ነው፤ ስለዚህ ነውር የለበትም አሉኝ። ስሌቱ ልክ ነው። ነገር ግን አባባ፣ ሴቲቱ የጎረቤት ባለሱቅ ብትሆንም፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዎ ብትሆንም፣ ደመወዝ የሚከፍሏት ሠራተኛ ብትሆንም መልሱ ያው 40 ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ስሌቱ አያየውም።

ሰው የሚያወራው ስለ ዕድሜ ልዩነቱ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። እሱንም ቢሆን እንደ ጾታው ይለዋውጠዋል። በኢማኑኤል ማክሮንና በባለቤታቸው በብሪዢት መካከል 24 ዓመት አለ፤ በዶናልድ ትራምፕና በሜላኒያ መካከልም ወደ 24 ዓመት ነው። ሚስት ስትበልጥ ግን ሰው የበለጠ ይገረማል። በእኔ ዓይን ስለ ማክሮን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ሲተዋወቁ እሳቸው የ15 ዓመት ተማሪ፣ ብሪዢት ደግሞ በዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ነበሩ። አንደኛው በሌላው ላይ ሥልጣን ነበረው። በእርስዎና በእሷ መካከል ያለውም ይኸው ነው።

ያን ማታ ያየሁትን ልንገርዎ። ሾርባውን አስቀምጣ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ለወንድሟ ሠርግ ሦስት ቀን እንዲፈቅዱላት ጠየቀችዎት። እርስዎም ቀና ሳይሉ «ሂጂ፣ ግን እሑድ ማታ እንድትመለሺ» አሏት። «እሺ ጋሼ» አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለእኔ ላገባት ነው አሉኝ። እርስዎ አንቺ ይሏታል፣ እሷ አንቱ ትልዎታለች። እኛም እናቴን ሦስት ዓመት ሙሉ ያስታመመችውን የ40 ዓመት ሴት «ልጅቱ» እያልን ነው የኖርነው፤ ይህ የእኔም ጥፋት ነው።

እሷ እሺ ብላለች ብለውኛል። አምናለሁ። ግን እምቢ ብትል ምን ይደርስባት ነበር? ደመወዟ ከእርስዎ ነው፤ የምታድረው በእርስዎ ቤት ነው፤ ሌላ ሥራ ብትፈልግ ስለ እሷ የሚመሰክሩላት እርስዎ ነዎት። በአንድ ቃል ሦስቱንም የምታጣ ሴት የምትሰጠው እሺታ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን እውነተኛ መሆኑን እርስዎም፣ ምናልባት እሷም፣ ማወቅ አትችሉም። ይወዷታል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

ደግሞ ሚዛኑ እንዳለ አይቆይም። ከ15 ዓመት በኋላ እርስዎ 81፣ እሷ 55 ትሆናላችሁ። ያኔ መድኃኒቱን የምትቆጥረው፣ የባንክ ደብተሩን የምትይዘው፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ የምትለው እሷ ትሆናለች። ለእናቴ በደመወዝ የሠራችውን ለእርስዎ ያለ ደመወዝ ትሠራለች። ይህን ሥራ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አስባበት እንደሆነ ጠይቀዋታል?

ስለ ቤቱ አላሰብኩም ብዬ አልዋሽዎትም። አስቤአለሁ፣ አፍሬበታለሁም። ስለዚህ የእኔን ስጋት ወደ ጎን ትተው የእሷን ይዩ፤ እርስዎ ቢያልፉ በማግስቱ ውጪ የምንላት እኛ ልጆችዎ ነን። በቤቱ እስከ መቼ እንደምትኖር ከጋብቻው በፊት በጽሑፍ ይስፈር። እሷንም የእርስዎ ጠበቃ ሳይሆን ራሷ የመረጠችው ያማክራት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ከሥራው በክብር ያሰናብቷት። የስድስት ወር ደመወዟንና ጥሩ የምስክር ወረቀት ይስጧት፣ ሌላ ቤት ትከራይ፣ ሌላ ሥራ ትያዝ። የሰጧት ገንዘብ በምንም መልክ እንደማይመለስ በግልጽ ይንገሯት። ከዚያ እንደማንኛውም ወንድ ደጇ ድረስ ሄደው ይጠይቋት። ሳትቸኩል ትመልስ። እሺ ካለች ሠርጉን የምደግሰው እኔ ነኝ፤ ወንድሞቼንም እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

የሚመጣው ደመወዟ የሚከፈልበት ቀን ሳይደርስ ይደውሉልኝ። ከደብዳቤው ጋር ያለው የሰላምታ ካርድ የእሷ ነው፤ ሳይከፍቱ ይስጡልኝ።

ልጅዎ