ለዘር የተቀመጠ ድንች ድስት ውስጥ አይግባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት የጓዳ ገጻችሁ ላይ «ድንች ቢያጎነቁልም፣ አረንጓዴ ቢሆንም፣ በደንብ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ ምንም አይል» የምትል ምክር አነበብኩ። ዝም ብዬ ልተዋት ነበር። ግን ይችኑ ምክር ይዤ ሰኔ ላይ የገዛ ልጄን ያሳመምኩት እኔ ነኝ፣ ያውም የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ፣ ስለዚህ ዝም ማለቱ አልሆነልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ ወንድም ደባርቅ ላይ ድንች ያመርታል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተክሎ የተረፈውን የዘር ድንች ግማሽ ጆንያ ይዞልን መጣ፤ «ለፆሙ ይሆናችኋል» አለ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የዚያን ሰሞን የድንች ዋጋ እንደምታውቁት ነበር። ጆንያውን ስፈታው ድንቹ ሁሉ አረንጓዴ ብሏል፤ ዓይኑ ላይ የክብሪት ራስ የሚያህሉ ወፍራም፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደሉ ጎንቁሎች ወጥተዋል። በአውራ ጣቴ ቀነጣጠብኳቸው። ላጥኩት፤ እንዳይባክን ብዬ ግን ስስ አድርጌ ነው የላጥኩት። ከስሩ ሥጋው ራሱ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር። አይቼዋለሁ። «ፀሐይ ነክቶት ነው» ብዬ አለፍኩ።

አልጫ ሠራሁት። ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ዝንጅብል ጠንከር አድርጌ። የአምስት ዓመቱ ልጄ ሁለት ጉርሻ እንደዋጠ «እማ፣ ይመራል፣ ምላሴን አቃጠለኝ» አለኝ። «ዝንጅብሉ ነው፣ ብላ» አልኩት። ይችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳትም። የተረፈውን በማግስቱ ምሳ ላይ አሙቄ አበላሁት። ማታ አራት ሰዓት ላይ ማስመለስ ጀመረ፣ ከዚያ ሆዱን ቁርጠት ያዘው፣ ከዚያ ተቅማጥ፤ ራሴን እያለ አለቀሰ። እኔን ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ብቻ ነው የነካኝ፤ ባለቤቴን ምንም። ውጭ በልታ የመጣችው እህቴም ደህና ነበረች። ጠዋት ክሊኒክ ስንሄድ ምን በላ ብሎ የጠየቀን የለም፤ ታይፎይድ ነው ተባልን። እኔም እስከዚያ ሰዓት ድንቹን አልጠረጠርኩትም፣ ቤት ገብቼ ማሰሮው ውስጥ የቀረውን በጣቴ እስክቀምሰው ድረስ። ቀዝቅዞ፣ ዝንጅብሉ ሰንፎ፣ ምሬቱ ብቻውን ቁጭ ብሏል፤ ጉሮሮዬን ለበለበኝ።

እንግዲህ ወደ ኬሚስትሪው። አረንጓዴው ቀለም ራሱ መርዝ አይደለም፤ ጎመን ላይ ያለው ክሎሮፊል ነው። ገጻችሁ እዚህ ላይ ተሳስቷል ልል አልችልም። ችግሩ ድንቹን አረንጓዴ የሚያደርገው ብርሃን ሶላኒን የሚባለውንም እንዲያመርት ይገፋፋዋል። ድንች ከመሬት ወጥቶ ብርሃን ሲያይ፣ ሲያጎነቁል፣ በዶማ ሲቆሰል ወይም ሲላጋ ነፍሳትንና ሻጋታን የሚከላከልበትን መራራ ነገር ያበዛል። በትክክል ለመናገር ሁለት ናቸው፤ ሶላኒንና ቻኮኒን፤ ቻኮኒን እንዲያውም የባሰው ነው፤ ግን ሰው ሁሉ በአንድ ስም ሶላኒን ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበል። አረንጓዴው ምልክት ሰጪ ነው፤ ሆኖም ቁስል ያለበት ድንች አረንጓዴ ሳይሆንም ሶላኒኑ ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ ዓይን ብቻውን አይበቃም።

የዘር ድንች ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ገበሬው ሆን ብሎ ነው አረንጓዴ የሚያደርገው። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ዘር ረጅም፣ ነጭ፣ ቀጭን ጎንቁል ያወጣል፤ ሲተከልም ይሰበራል። ብርሃን ገባ በሚልበት ቤት፣ በእንጨት ቆጥ ላይ ስስ ተደርጎ ሲደረደር ግን ጎንቁሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል። የግብርና ባለሙያዎች እንዲህ አስቀምጡ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ለማሳ ትክክል ነው። ዋርሳዬ ያመጣልኝ ድንች ለወራት ብርሃን ሲጠጣ የከረመ ነበር ማለት ነው። ለዘር አንደኛ፣ ለድስት የመጨረሻ።

«በደንብ ከተቀቀለ» ወደምትለው ልምጣ። ሶላኒን መፍረስ የሚጀምረው ከ230 ዲግሪ ገደማ በላይ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የኛ ውሃ ወደ 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚፈላው። ጠዋት ጥደሽ ማታ ብታወጪው ያው ነው። ውሃውን መድፋትም ብዙ አይረዳም፣ ምክንያቱም ነገሩ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። መጥበስም እንዲሁ፤ ሳንቡሳ ውስጥም ቺፕስ ላይም ይኖራል። የሚረዳው ቢላዋ ነው፤ አብዛኛው የሚከማቸው ልጣጩና ከልጣጩ ስር ባሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች፣ በዓይኑ ዙሪያና በጎንቁሉ ላይ ስለሆነ። ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ጠብታ ያለበትን ጤነኛ ድንች ወፈር አድርጎ ቆርጦ፣ ዓይኑን ከስሩ ጎድጎድ አድርጎ አውጥቶ መብላት ይቻላል። ከላጡት በኋላም ሥጋው አረንጓዴ ከሆነ ግን፣ እንደኔው ድንች፣ መጣል ነው።

ስንት ቢበላ ያማል? እዚህ ላይ ሁለት ኪሎ አለ፣ እንዳይምታታ። አንዱ የድንቹ ኪሎ፣ ሌላው የሰውየው ክብደት። ጤነኛ ድንች በኪሎው ከ20 እስከ 100 ሚሊግራም ሶላኒን አለው፤ ይሄ አያስፈራም። ከ200 በላይ ከሆነ ለመብል አይሆንም የሚለው በብዙ አገር የሚሠራበት ወሰን ነው። ምላስ መራራነቱን ማወቅ የሚጀምረው 140 አካባቢ ነው፤ ከ200 ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ማቃጠል ይመጣል። ጎንቁሉ ብቻውን በኪሎ ከ2,000 በላይ ሊይዝ ይችላል። በሰው በኩል ደግሞ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ 1 ሚሊግራም ገደማ ሲደርስ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊጀምር ይችላል፤ ከ2 እስከ 5 ሲሆን መመረዙ ግልጽ ይወጣል፤ ከ3 እስከ 6 ደግሞ ሊገድል የሚችል መጠን ተብሎ ተመዝግቧል። በማቅለሽለሽና በሞት መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፣ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

አሁን የቤቴን ሒሳብ ልሥራ። ድንቹን ያስለካሁት ላብራቶሪ የለም፤ ምላስ ስላቃጠለ 220 ብለን እንያዝ። ልጄ 16 ኪሎ ነው። አንዴ 120 ግራም ድንች ቢበላ፣ ማለትም ሁለት መለስተኛ ድንች፣ ወደ 26 ሚሊግራም ገባለት። ለ16 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኪሎው 1.6 ሆነ። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፤ እጥፉን፣ 240 ግራም ብበላ 53 ሚሊግራም ነው፤ ለእኔ 0.9 ብቻ። አንድ ድስት፣ አንድ ማዕድ፣ እሱ ሲወድቅ እኔ ራሴን አመመኝ። ባለቤቴ 78 ኪሎ ነው፣ ያውም ድንች ብዙ አይወድም።

ማግስት ላይ መድገሜ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሶላኒን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ፈቃደኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ግማሹ ለመውጣት ሶላኒን አንድ ቀን ገደማ፣ ቻኮኒን ሁለት ቀን ገደማ ወስዶባቸዋል። የልጄ የማታው ሳይወጣ የቀኑን ደረብኩበት።

ሆድ ውስጥ የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ የአንጀት ሴሎች ሽፋን ላይ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ይጣበቅና ሽፋኑን ይበሳዋል፤ ቁርጠቱ፣ ማስመለሱ፣ ተቅማጡ ከዚያ ነው። ሁለተኛው ነርቭ ላይ ነው። ነርቭ መልእክት ካስተላለፈ በኋላ መልእክቱን የሚጠርግ ኢንዛይም አለ፤ ሶላኒን እሱን ያዳክመዋል። ማሳ ላይ የሚረጩ እንደ ማላታይን ያሉ ፀረ ተባዮች የሚያጠቁት ያንኑ ኢንዛይም ነው፣ እነሱ እጅግ ቢበረቱም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ሲብስ መደንዘዝና መቃዠት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

በ1969 (በፈረንጆቹ) ለንደን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ካለፈው የትምህርት ወቅት የተረፈ ድንች ቀቅሎ ለተማሪዎቹ ሰጠ። 78 ልጆች ታመሙ፣ 17ቱ ሆስፒታል ገቡ፤ ራሳቸውን የሳቱ ነበሩባቸው። ሁሉም ዳኑ። ሕመሙ የጀመራቸው ከበሉ ከ7 እስከ 19 ሰዓት ቆይቶ ነው። ይሄ መዘግየቱ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ ማታ ያመመው ልጅ የሚጠየቀው ማታ ስለበላው ነው፣ ምሳው ይረሳል።

ማርከሻ የለውም። ሕክምናው የጠፋውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ ለልጄም የረዳው ኦ አር ኤስ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ተነሳ። ልጁ ካንቀላፋ፣ ከተቃዠ፣ ሽንቱ ከጠፋ ግን ቤት መቆየት አይቻልም፤ ሲሄዱም አረንጓዴ ድንች በልቷል ብሎ መናገር ነው፣ እኛ ያላልነውን።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ድንች ሸራ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ነጭ ጆንያም ብርሃን ያሳልፋል። እኔ አሁን ከገዛሁ በኋላ በጨለማ ካርቶን ነው የማስቀምጠው፣ የገዛሁትንም በሳምንት በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ። ጥርጣሬ ሲኖረኝ ከመቀቀሉ በፊት አንድ ስስ ቁራጭ በምላሴ ነክቼ እተፋዋለሁ። ዝንጅብልና ቃሪያ ከገባ በኋላማ ማን ይለየዋል።

ምክሯን እንድታርሙ እጠይቃለሁ። የተረፈውን የዘር ድንች ዋርሳዬ «ለበጎቹ ልውሰደው?» አለኝ፤ እምቢ አልኩ፣ በግም ይታመምበታል። ጓሮ ተከልነው። አሁን አብቧል፤ ፍሬ ሲይዝ ትንሽ አረንጓዴ ቲማቲም ይመስላል፣ እሱም ሶላኒን አለበት፣ ልጄ እንዳይቀጥፈው አጥር ላይ እሾህ አስቀምጫለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር