የፊርማው ወረቀት እጅ ለእጅ አይዙር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በፈተና አዳራሽ የተፈታኞች ፊርማ ስለሚወሰድበት መንገድ ነው የምጽፈው።

ባሕር ዳር ውስጥ ፈታኝ በነበርኩበት አንድ ክፍል 40 ተፈታኞች ተመድበው ነበር። የፊርማው ወረቀት ከወንበር ወንበር ዞረ። በመጨረሻ 38 ፊርማ፣ 37 የመልስ ወረቀት ተገኘ። ወይ አንዱ ለቀረ ጓደኛው ፈርሟል፣ ወይ አንዱ ፈርሞ ወረቀቱን ይዞ ወጥቷል። በመጀመሪያው ወረቀቱ የጎደለው ተፈታኝ ቀሪ ነው፤ በሁለተኛው ግን ደንብ ጥሷል። ክፍሉ ባዶ ከሆነ በኋላ ማን ይለየው?

ፊርማ ገና በሩ ሲከፈት መውሰድም አይበጅም። ከዓባይ ማዶ ባጃጅ አጥቶ የዘገየ ልጅ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገብና ኋላ ስርዝ ድልዝ ይመጣል።

ስለዚህ ዘግይቶ መግባት የሚፈቀድበት ሰዓት ሲያልፍ ፈታኙ ራሱ በየወንበሩ ይሂድ። መታወቂያውን ከፊቱ፣ የወንበር ቁጥሩን ከዝርዝሩ ያመሳክርና ያስፈርም። ባዶ በቀረው ስም ላይ እዚያው በእስክሪብቶ «ቀሪ» ይጻፍ። ሁለተኛው ፈታኝ ክፍሉን ይጠብቅ። ሲያበቃም ወረቀቱ ተቆጥሮ ከፊርማው ጋር እስኪገጥም ማንም ከወንበሩ አይነሳ።

አንድ መምህር፣ ከባሕር ዳር