ጓያ በመዘፍዘፍ ብቻ «ከመርዝ ነጻ» አይሆንም፦ ቪዲዮውን ላሰራጨው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ኃላፊ፣

ስለ ጓያ ያሰራጫችሁት ቪዲዮ ስህተት እንዳለበት ሁለት ጊዜ በደብዳቤ፣ ከዚያም በስልክ አሳውቀናል። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ከመባል ያለፈ ምላሽ አላገኘንም። ቪዲዮው ግን ጓያ በመረሬ መሬት በሚዘራበት በሞረትና ጅሩ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ስለዚህ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደናል።

የቪዲዮው አንባቢ እንዲህ ይላል፦ «ጓያን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን መቶ በመቶ ያስወግዳል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ መመገብ ይቻላል።» በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አባባሎች አሉ፤ ሁለቱም ሳይጣሩ አልፈዋል።

የመጀመሪያውን እንይ። የጓያው መርዝ ኦዳፕ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። በውሃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት በእርግጥ ይቀንሰዋል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን የሚወሰነው በውሃው ብዛትና ሙቀት፣ ውሃው ስንት ጊዜ እንደተቀየረ፣ ፍሬው ክክ ወይም ድፍን በመሆኑ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አንድ ሌሊት ያደረ ድፍን ፍሬ ውስጥ መርዙ ይቀራል። የዘፈዘፉበትን ውሃ ሳይደፉ በዚያው የሚቀቅሉ ደግሞ የወጣውን መልሰው ይበሉታል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው «በምን ዓይነት ውሃ? ስንት ጊዜ ተቀይሮ? ክክ ነው ድፍን?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ «መቶ በመቶ» የሚለው ቃል ገና በረቂቁ ላይ ይሰረዝ ነበር።

«እንደ ልብ» የሚለው ይብሳል። እግርን የሚያሽመደምደው በሽታ ጓያ አንድ ቀን በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ ሌላ እህል ሲጠፋ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ድርቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጓያ ብቻውን ይተርፋል፤ ለመዘፍዘፊያና ለተደጋጋሚ ቅቀላ የሚሆነው ውሃና ማገዶም ያኔ ያጥራል። ቪዲዮው ስለ መጠንና ስለ ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረም። አንዴ የተሽመደመደ እግር ደግሞ የሚፈውሰው መድኃኒት የለም።

ስህተቱን ስንነግራችሁ አንድ ባለሙያችሁ «እሺ፣ ‹ሊያስወግድ ይችላል› እንበለው» አለን። ይህ እርማት አይደለም። በአማርኛ «ይችላል» ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ «ምናልባት»፣ ሌላው «አቅም አለው» ነው። እናት ኩሽና ውስጥ ሆና በጆሮዋ ስትሰማው ሁለተኛውን ትይዛለች። ጥርጣሬ የሚነገረው የሚታወቀውን ከማይታወቀው ለይቶ ነው፦ «ይቀንሳል፤ አያጠፋውም። በቤትዎ ምን ያህል እንደቀነሰ በዓይን ወይም በጣዕም ማወቅ አይቻልም።»

እውነተኛ ጥርጣሬ ያለበት ቦታ ሌላ ነው። በፈረንጆች 1990ዎቹ በወሎ ደላንታ ሽባነቱ በተስፋፋ ጊዜ በተደረገ ጥናት፣ ጓያን ንፍሮ፣ ቆሎ ወይም ጥሬ እሸት አድርገው የበሉት ላይ አደጋው ከፍ ብሎ ታይቷል፤ በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ግን እንዲህ አልታየም። ጥናቱ የታመሙትንና ያልታመሙትን ሰዎች ቀድሞ ምን ይበሉ እንደነበር በመጠየቅ ያነጻጸረ ነው፤ ሰው ደግሞ የበላውን ሁሉ አያስታውስም። ስለዚህ «የጓያ እንጀራ አያሽመደምድም» ማለት ከጥናቱ በላይ መናገር ነው። ማለት የሚቻለው «ንፍሮው፣ ቆሎውና እሸቱ ከእንጀራው የባሰ አደጋ ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ይህ ግን እንጀራው አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም» ነው። «ሳይኖራቸው አይቀርም» የሚለውን የገጠሩ ሰው ሁሉ በትክክል ይረዳዋል።

ማስጠንቀቂያችሁ በቪዲዮው መጨረሻ በትንሽ ጽሑፍ መቀመጡም አይበቃም። ሰው ቪዲዮውን ቆርጦ ነው የሚላላከው፤ ማንበብ የማይችለውም በጆሮው ብቻ ይከታተላል። ገደቡ ከአባባሉ ጋር በአንድ ትንፋሽ መነገር አለበት። ስለዚህ የሚከተለው በድምፅ እንዲነበብ እንጠይቃለን፦

«ጓያን ክክ አድርጎ በብዙ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ውሃውን እየደፉ መቀቀል መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ጓያ ብቻውን ለሳምንታት ዋና ምግብ አይሁን፤ ከስንዴ፣ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ይቀላቀል። መቀላቀሉ አደጋውን ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል፤ ስንት እጅ ቢቀላቀል እንደሚበቃ ግን በእርግጠኝነት አልታወቀም። የባት መክበድ ወይም የእግር መገተር ከጀመረዎት ጓያ መብላቱን ዛሬውኑ ያቁሙና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።»

የተሳሳተው ቪዲዮ እስኪታረም ይነሳ። እርማቱም «ከዚህ በፊት መቶ በመቶ ያልነው ስህተት ነበር» ብሎ ይጀምር፤ የመጀመሪያው በተሰራጨበት ቦታ ሁሉም ይሰራጭ።