«ገልብጣችሁ ኑ» ከማለት «አንብባችሁ ኑ» ማለት ይበልጣል

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፣

ስለ ታናናሾቹ ክፍሎች የቤት ሥራ ሲነሳ ወላጆች የሚያነሱት ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ልጄ እስኪተኛ ድረስ ሲጽፍ ያመሻል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዛሬም ምንም አልሰጡትም እንዴ?» ብሎ መምህሩን ይወቅሳል። ሁለቱም የሚለኩት ብዛቱን ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ግን መቅደም ያለበት የሥራው ዓይነት ነው። ዓይነቱ ከተስተካከለ ብዛቱ ራሱ ይቀንሳል።

የአንድ የ1ኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይገለጥና «ልብስ የሚለውን ቃል 10 ጊዜ ጻፉ» የተባለበት ገጽ ይታይ። ብዙ ልጆች ይህን ሥራ የሚሠሩት ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ «ል»ን አሥር ጊዜ ቁልቁል ይደረድራሉ፣ ቀጥለው «ብ»ን፣ በመጨረሻ «ስ»ን። ገጹ ሲሞላ አሥር «ልብስ» ያለ ይመስላል፤ ልጁ ግን ቃሉን አንድ ጊዜም እንደ ቃል አልጻፈውም። ይህን መለየት ቀላል ነው፦ ፊደሎቹ ወደ ታች በክር እንደተለኩ ቀጥ ይላሉ፣ በአንድ ቃል ውስጥ ያሉት ፊደሎች ግን አንዴ ይራራቃሉ አንዴ ይጣበቃሉ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ደግሞ በአሥሩም መስመር ላይ ያው ስሕተት ይደገማል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ለተሰጠው ሥራ አጭሩን መንገድ አግኝቷል፤ ሥራው ራሱ ማንበብ አልጠየቀውም።

የፊደል ገበታን በተርታ ማስገልበጥም ያው ችግር አለው። «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል ሎ» ብሎ በዜማ የሚወርድ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የፊደሉን ቦታ ነው እንጂ መልኩን አይደለም። ወላጅ ይህን በአንድ ደቂቃ ማረጋገጥ ይችላል። ከወረቀት መሐል አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ቀዶ በገበታው ላይ ማስቀመጥና ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሱ «ይህቺ ማን ናት?» ማለት ነው። ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ከንፈሩ «ለ፣ ሉ፣ ሊ…» እያለ ከቆጠረ ፊደሉን ገና አላወቀውም። እንዲህ ላለ ልጅ ተርታውን ደግሞ ማስጻፍ ቦታውን የበለጠ ያጸናበታል፣ መልኩን ግን አያስተምረውም።

መፍትሔው ቃል ነው። መምህሩ ለ፣ በ እና ሰን ከነዘሮቻቸው አስተምሮ ቢጨርስ፣ ለማታው ስድስት ቃላት ብቻ ይስጥ፦ ልብስ፣ ሌባ፣ በሶ፣ ሉሲ፣ ቡላ፣ ሳል። በእነዚህ ስድስት ቃላት ውስጥ ከሃያ አንዱ ፊደላት አሥራ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ በዜማ የሚደረስበት አንድም የለም። በማግሥቱ ለበሰ፣ ቢላ፣ ቦሌ፣ ሊበላ ቢታከሉ ሌሎቹም መምጣት ይጀምራሉ። ልጁ እያንዳንዱን ቃል ያነብባል፣ ትርጉሙን ለቤተሰቡ ይናገራል፣ ከዚያ ቃሉን አይቶ፣ በእጁ ሸፍኖ፣ በቃሉ ጽፎ፣ መልሶ ገልጦ ያመሳክራል። ስድስት ቃል፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ። ስድሳ ጊዜ ከመገልበጥ ይህ ይከብዳል፤ የሚከብደውም ፊደሉን ከራሱ አእምሮ ማውጣት ስላለበት ነው። የሚያስተምረውም ይኸው መክበዱ ነው።

እግረ መንገድ አንድ ነገር ለመምህራን፦ በዚህ ዕድሜ «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ልጅ ድምፁን በትክክል ይዟል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ጸ እና ፀን መለየት ብዙ በማንበብ የሚመጣ ነገር ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ አሥር ጊዜ ማስጻፍ ልጁ ያልተሳሳተውን ነገር እንዲጠራጠር ያደርገዋል።

ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል ከሁሉ የሚበልጠው የቤት ሥራ ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ነው፤ ለአማርኛ ደግሞ የተለየ ምክንያት አለው። ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ዳቦ አለ» እና «ና አለ» ሲጻፉ «አለ» አንድ ዓይነት ነው፤ ሲነገሩ ግን የመጀመሪያው ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ይላላል። «የገና በዓል» እና «ገና ልጅ ነው»ም እንዲሁ ናቸው። ፊደል በፊደል የሚያነብ ልጅ ሁሉንም አላልቶ ያነብባል፤ ትርጉሙን ሲይዘው ግን ድምፁ ወዲያው ይስተካከላል። እንግዲህ የልጁ ድምፅ መስተካከሉ ያነበበው ገብቶት እንደሆነ ይነግረናል። ከተገለበጠ ደብተር ይህ ምልክት አይገኝም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባል። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄን እንዴት ልርዳ?» የምትል እናት አማርኛ አፍ የፈታችበት ከሆነ ዋነኛዋ አድማጭ እሷ ናት። ፊደሉን ባታየውም «አለ» በተሳሳተ ቦታ ሲላላ ጆሮዋ ይነግራታል። ከእሷ የሚፈለገው «እንዲህ አይባልም፣ እስቲ ድገመው» ማለትና በመጨረሻ «ታዲያ ሰውየው ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በቤቱ የሚነገረው ቋንቋ ሌላ ሲሆን ግን ይህ አይሠራም። ያኔ መምህሩ ምንባቡን በክፍል ውስጥ ሁለቴ አስነብቦ መላክ አለበት፤ አዲስ ምንባብ ለብቻው ለቤት መስጠት የለበትም።

በሒሳብ በኩል ያለውን ጉዳት በአንድ ምሳሌ ላሳይ። 42 − 17ን 35 ብሎ የሚመልስ የ2ኛ ክፍል ልጅ ብዙ ነው። መልሱ 25 ነው። ልጁ ያደረገው በእያንዳንዱ ቤት ከትልቁ አኃዝ ትንሹን መቀነስ ነው፦ ከ7 ላይ 2 ሲነሳ 5፣ ከ4 ላይ 1 ሲነሳ 3። ከአሥር ቤት አንዱን አሥር ፈትቶ መውሰድ አልገባውም። ለዚህ ልጅ ሃያ የመቀነስ ጥያቄ ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ ስሕተቱን ሃያ ጊዜ ማለማመድ ነው፤ በማግሥቱ ለማረም ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ይከብዳል። አራት ጥያቄ ይበቃል። ሁለቱ ከዛሬው ትምህርት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ከአንድ ወር በፊት ከተማሩት ይሁን። ከዛሬዎቹ አንዱን በባቄላ ወይም በእንጨት አሥር አሥሩን አስሮ እንዲያሳይ ቢታዘዝ፣ አንዱን እስር መፍታት ግድ የሚሆንበትን ቦታ በእጁ ይነካዋል። የዛሬው ትምህርት በክፍል ውስጥ ካልገባ ደግሞ የዚያን ቀን ከእሱ ምንም ወደ ቤት አይሂድ። አዲስ ነገር ቤት ውስጥ የሚያስተምር ሰው መኖሩ እርግጥ አይደለም።

አሁን ወደ ብዛቱ። በዓለም ላይ በብዛት የሚጠቀሰው መለኪያ በክፍል ደረጃው ልክ አሥር አሥር ደቂቃ መጨመር ነው፦ ለ1ኛ ክፍል 10፣ ለ2ኛ 20፣ ለ3ኛ 30 ደቂቃ። የቤት ሥራን ለብዙ ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው ሃሪስ ኩፐር ይህን መለኪያ ደግፏል። እሱና ባልደረቦቹ በ2006 ባወጡት የጥናቶች ግምገማ ግን በቤት ሥራና በውጤት መካከል ያለው ዝምድና በታችኞቹ ክፍሎች ከላይኞቹ ይልቅ ደካማ ሆኖ መገኘቱ አብሮ መነገር አለበት። ስለዚህ ቁጥሩ ጣሪያ ነው። ሞልቶ መገኘት የለበትም፤ ንባቡም የሚቆጠረው በውስጡ ነው። በእኔ እምነት ለ1ኛ ክፍል የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የጽሑፍ የቤት ሥራ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ለመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ በየትኛውም ወቅት።

አንድ የ2ኛ ክፍል ማታ ይህን ሊመስል ይችላል። አርባ ቃል ያህል ያለው በክፍል የተነበበ ምንባብ ሦስት ጊዜ ይነበባል፦ አንዴ በጣት እየተከተሉ፣ አንዴ ለብቻ፣ አንዴ ለሰው። ይህ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከምንባቡ አራት ቃል ተሸፍኖ ይጻፋል፣ አራት ደቂቃ። አራቱ የሒሳብ ጥያቄዎች ስድስት ደቂቃ ቢወስዱ ሁሉም 17 ደቂቃ ላይ ያልቃል። መብራት ቢጠፋ፣ ወይም ልጁ ከሰዓት ፈረቃ ተምሮ አምሽቶ ቢገባ ንባቡ ብቻ ይበቃዋል፤ ሌላው ይተው።

መምህሩ የሰጠው ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በግምት ማወቅ አይችልም፤ ለትልቅ ሰው አምስት ደቂቃ የሆነው ለልጅ ሃያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ሥራውን እዚያው አሠርቶ ሰዓት ይያዝ። ከልጆቹ ግማሹ በአሥር ደቂቃ ያልጨረሱት ሥራ ለቤት በዝቷል ማለት ነው፤ ዘገምተኞቹ ቤት ውስጥ እጥፉን ይወስዳሉ። ትምህርቱን በየዘርፉ የተለያዩ መምህራን በሚሰጡበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአማርኛው፣ የእንግሊዝኛው፣ የሒሳቡና የአካባቢ ሳይንሱ መምህራን እያንዳንዳቸው «አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ» ቢሰጡ ልጁ ላይ አንድ ሰዓት ይሆናል፤ አንዳቸውም ግን አላበዙም። ከበሩ ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፎ እያንዳንዱ የሰጠውን ደቂቃ ቢጽፍበት፣ 20 ከሞላ በኋላ የመጣው መምህር ለነገ ያሳድራል።

የማረሙ ነገር ከሁሉ የከፋው ነው። ሃምሳ ደብተር አንዳንድ ደቂቃ ቢሰጠው 50 ደቂቃ ይፈጃል፤ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ነው። ስለዚህ ራይት ብቻ እየተደረገ ይመለሳል፤ 42 − 17ን 35 ያለው ልጅም መልሱ ትክክል መስሎት ይሄዳል። በየቀኑ አሥር ደብተር ብቻ በደንብ ቢታይ ሃምሳውም በሳምንት አንዴ ይዳረሳሉ። የቀሩት መልሱን ከሰሌዳው ላይ እያዩ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር ይተራረማሉ። በዚያው ሰዓት መምህሩ ሦስት ልጆችን ጠርቶ የማታውን ምንባብ ያስነብባል። ደብተሩ ንጹሕና ያለ ስሕተት ሆኖ ልጁ ያንኑ ምንባብ ማንበብ ካቃተው፣ የቤት ሥራውን የሠራው አስጠኚው ወይም ታላቁ ነው። ያኔ ልጁን ከመቆጣት ይልቅ ለዚያ ልጅ የሚሰጠውን ሥራ ወደ ሁለት መስመር ንባብ ማውረድና እሷኑ በየጠዋቱ ማስነበብ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጀመሪያ ደረጃ መምህር፣ አዲስ አበባ